ልጁ «ጎድ» ሲል የጠፋበት ነገር የለም

«ልጅዎ በሁለት ዓመቱ ‹ዌንት› ይል ነበር። በሦስት ዓመቱ ‹ጎድ› ማለት ከጀመረ የሚያውቀውን እየረሳ ነው። ልጆች ቋንቋ የሚይዙት የሰሙትን በመድገም ስለሆነ፣ ይህን ስህተት ያስያዘው ሰው ወይም ቪዲዮ አለ ማለት ነው። ተመራማሪዎች ‹የዩ ቅርጽ› የሚሉት ይህንኑ ውድቀት ነው፤ ልጁ ለወራት ኢ-መደበኛ ግሶችን በሙሉ ይሳሳታል። መፍትሔው አንድ ነው፤ በተሳሳተ ቁጥር ወዲያውኑ ማረም።»

ሰሞኑን ከእጅ እጅ ሲዞር የከረመው ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። ሳልጨምር ሳልቀንስ በራሱ ቃል አስቀምጬዋለሁ። እኔ ዘንድ የደረሰው ልጃቸው በእንግሊዝኛ «ሄደ» ለማለት በ«ዌንት» ፈንታ «ጎድ» ማለት በጀመረ ወላጆች በኩል ነው፤ ደንግጠው ነበር። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ጸሐፊው ትክክል የሆነበትን አስቀድሜ ልናገር። ነገሩ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዝኛ አፍ የሚፈቱ ልጆች መጀመሪያ ትክክለኛውን «ዌንት» ወይም «ኬም» ይላሉ፤ ቆይተው «ጎድ»፣ «ከምድ» የሚል ይመጣል፤ በመጨረሻ ስህተቱ ይጠፋል። ተመራማሪዋ ሱዛን ኤርቪን ይህን ቅደም ተከተል በ1964 ጽፋዋለች (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትክክል፣ ስህተት፣ እንደገና ትክክል፤ በወረቀት ላይ ሲሳል መሐሉ ጎድጎድ ይላል። «የዩ ቅርጽ» የተባለው ለዚህ ነው። የማልስማማው ጸሐፊው ከዚህ ተነስቶ በደረሰባቸው መደምደሚያዎች ነው።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪም ሩቅ አይደለም። «ሄደ» ብለን ስናዝዝ «ሂድ» እንላለን። «ወጣ» ብለን «ውጣ» እንላለን። «መጣ» ላይ ስንደርስ ግን «ምጣ» አንልም፤ «ና» ነው የምንለው። «ና» ከ«መጣ» ጋር አንድም ፊደል አይጋራም። ይህን ከየትኛውም ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ ሰምቶ በቃል መያዝ ብቻ ነው። አንድ ሕፃን «ምጣ» ቢል ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ችግሩ በዚያች ቅጽበት «ና» የምትለው ቃል ከአእምሮው ቶሎ አለመምጣቷ ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ የኃላፊ ጊዜ ሕጉ አንድ ነው፤ ግሱ ላይ «ኤድ» መቀጠል። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡት፣ ኢ-መደበኛ የሚባሉት፣ ወደ 180 የሚጠጉ ግሶች ናቸው። ቁጥራቸው ያን ያህል አይደለም፤ ግን ልጅ በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ግሶች መሄድ፣ መምጣት፣ መብላት፣ መስበር፣ መስጠት ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው።

አሁን የመርሳቱን ነገር እንይ።

ጸሐፊው የሚያነጻጽረው የሁለት ዓመቱን «ዌንት» ከሦስት ዓመቱ «ጎድ» ጋር ነው። አንድ ነገር ግን ረስቷል። የሁለት ዓመቱ ልጅ ስላለፈ ነገር ሲያወራ ብዙውን ጊዜ «ዌንት»ም «ጎድ»ም አይልም። «ጎ» ብሎ ያልፋል። ትናንት ስለሆነው ነገር እያወራ ግሱን ባዶውን፣ ያለ ምንም የጊዜ ምልክት ይጠራዋል። ይህን ማንም እንደ ስህተት አይቆጥርበትም፤ «ገና ሕፃን ነው» ይባላል። ጆሮ የሚይዘው «ጎድ» የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም አዋቂ በጭራሽ የማይለው ቃል ነው።

በቁጥር ላሳይ። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማስረዳት ብቻ ራሴ ያወጣኋቸው ናቸው። አንድ ልጅ በሁለት ዓመት ተኩሉ ስላለፈ መሄድ 100 ጊዜ አወራ እንበል። 70 ጊዜ «ጎ» አለ፣ 30 ጊዜ «ዌንት» አለ፣ «ጎድ» አንድም ጊዜ አላለም። ከስምንት ወር በኋላ ያው ልጅ እንደገና 100 ጊዜ አወራ። አሁን 20 ጊዜ «ጎ»፣ 72 ጊዜ «ዌንት»፣ 8 ጊዜ «ጎድ» አለ።

ኩርባውን የሚስሉ ሰዎች ባዶውን ግስ ከሒሳቡ ያወጡታል። የሚያስሉት ልጁ የኃላፊ ጊዜ ምልክት ካደረገባቸው ቃላት ውስጥ ስንቱ ትክክል እንደሆነ ነው። መጀመሪያ ላይ ከ30ው 30ው ትክክል ነው፤ መቶ በመቶ። በኋላ ከ80ው 72ቱ፤ 90 በመቶ። ኩርባው ወረደ! ግን እስቲ ልጁን እዩት። በትክክል የተናገረው ከ30 ወደ 72 አድጓል። ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ሲወርድ ልጁ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ልጅ አፍ የወጡ ናቸው፤ ልዩነቱ በምን እንዳካፈልነው ብቻ ነው። ባዶውን ግስ የሚያስቀሩት አጭበርባሪ ስለሆኑ አይደለም። ጥያቄያቸው ሌላ ስለሆነ ነው፤ «ልጁ ምልክት ሲያደርግ ከሁለቱ መንገዶች የትኛውን ይመርጣል?» ነው የሚሉት። ያን መልስ ወስዶ «ልጁ ረሳ» ማለት ግን ያልተጠየቀ ጥያቄ መመለስ ነው።

በእውነተኛ ልጅ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የሃርቫርዱ ሮጀር ብራውን በ1960ዎቹ ንግግራቸውን ለዓመታት ከቀረጸላቸው ሦስት ልጆች አንዱ አዳም ይባላል። የአዳም ንግግር ተጽፎ ለማንም ተመራማሪ ክፍት ስለሆነ በመስኩ የማያውቀው የለም። አዳም ኢ-መደበኛ ግሶችን ለወራት በትክክል ሲጠቀም ከቆየ በኋላ የመጀመሪያው ስህተት የተመዘገበበት በ2 ዓመት ከ11 ወሩ ነው። «ዋት ዳት ፊልድ ላይክ?» አለ። «ፌልት» ማለት ሲገባው «ፊል» ላይ «ኤድ»ን ቀጠለበት። ታዲያ በዚያን ሰሞን ሌላ ምን ሆነ? መደበኛዎቹ ግሶች ላይ «ኤድ» መቀጠል፣ ቀደም ሲል እምብዛም የማያደርገው ነገር፣ በፍጥነት እየተለመደ ነበር። ሁለቱ ነገሮች አብረው መጡ።

ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል፣ ብዙ ተመራማሪዎችም እንዲህ ነው የሚሉት። ልጁ ድሮ መውጫ በር ነበረው። «ዌንት» ካልመጣለት «ጎ» ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን ግን እንግሊዝኛ ያለፈን ነገር ያለ ምልክት እንደማይናገር ይገባዋል። ያ በር ይዘጋል። አሁን «ዌንት» ሲጠፋበት ባዶ እጁን መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ሕጉን ያነሳና «ጎድ» ይላል። «ጎድ» የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ትናንት «ጎ» ይባል በነበረበት ቦታ ነው። ልጁ ከቦታው ያባረረው «ዌንት»ን አይደለም።

ወደ መድገሙ ጉዳይ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አለው፤ ያን ግማሽ ሳልቆነጥር እሰጠዋለሁ። «ዌንት» የሚለው ቃል ራሱ በመስማት ካልሆነ በሌላ መንገድ አይገኝም። ከ«ጎ» ተነስቶ «ዌንት» የሚያደርስ ሕግ የለም። ሌላም ልጨምርለት፤ አንድ ልጅ «ጎድ»ን ከታላቅ እህቱ ወይም ከጓደኛው ሊሰማው ይችላል። ግን ታላቋ እህት ከየት አመጣችው? ጓደኛዋስ? ወደኋላ ብንከተለው የሆነ ቦታ ላይ ሳይሰማ ያለ ልጅ መኖሩ አይቀርም።

መከተልም አያስፈልግም፤ በ1958 ተፈትኗል። ጂን በርኮ በዓለም ላይ የሌሉ ቃላት ፈጠረች። ማንም አልሰማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊደግማቸው አይችልም። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ለሆኑ ልጆች አንድ ሥዕል ታሳያቸዋለች። «ይህ ሰውዬ ሪክ ማድረግ ያውቃል። አሁን እያደረገ ነው። ትናንትም ያንኑ አደረገ። ትናንት ምን አደረገ?» ልጆቹ «ሪክት» አሉ። «ኤድ» ከ«ክ» በኋላ እንደ «ት» ነው የሚሰማው፤ እነሱም እንደዚያው ነው ያሉት። ለማያውቁት ቃል ትክክለኛውን ድምፅ ጭምር መረጡለት። ይህ የበቀቀን ሥራ አይደለም።

የበለጠ የሚደንቀኝ ግን ሌላው ነው። ከፈጠራ ቃላቱ አንዱ «ግሊንግ» ነበር። ከ«ሲንግ፣ ሳንግ» እና ከ«ሪንግ፣ ራንግ» ጋር ይገጥማል። አዋቂዎች ሲጠየቁ ብዙዎቹ «ግላንግ» አሉ። ልጆቹ ግን በብዛት «ግሊንግድ» አሉ። የሰሙትን መድገም ብቻ ቢሆን ኖሮ «ሳንግ»ንም «ራንግ»ንም ሰምተዋል። በዚያ ዕድሜ እጃቸው ቶሎ የሚሄደው ወደ ሕጉ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ልጆች አንዳንዴ «ዌንትድ» ይላሉ። ትክክለኛውን ቃል አገኙትና እሱም ላይ «ኤድ» ቀጠሉበት። የትኛው ቪዲዮ ነው ይህን የሚያስተምረው?

አሁን «በሙሉ ይሳሳታል» ወደተባለው ልለፍ፤ የጽሑፉ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነው፤ ወላጅን የሚያስፈራውም ይሄ ነው።

ጋሪ ማርከስና ስቲቨን ፒንከር ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ1992 ያወጡት ጥናት አለ። የ83 ልጆችን የተቀረጸ ንግግር ይዘው 11,521 ኢ-መደበኛ የኃላፊ ጊዜ ቃላት አንድ በአንድ ቆጠሩ። በቂ ንግግር የተቀረጸላቸውን 25 ልጆች ለየብቻ ሲያዩ የስህተቱ መጠን መካከለኛ ዋጋው 2.5 በመቶ ሆነ። ደግሜ ልበለው፤ ሁለት ነጥብ አምስት። ልጆቹ ምልክት ካደረጉባቸው 100 ቃላት ወደ 97ቱ ትክክል ነበሩ። እንደዚያም ሆኖ ስህተቱ የአንድ ሰሞን አይደለም፤ በትንሽ መጠን ከሁለት ዓመት አካባቢ ጀምሮ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ይቆያል። የዩ ቅርጹ አለ፤ ግን ወለሉ ከጣሪያው ብዙም አይርቅም።

ታዲያ በየመጽሐፉ የምናየው ያ ጥልቅ ጉድጓድ ከየት መጣ? በከፊል ከጆሯችን። «ዌንት» ሲባል አንሰማውም፤ «ጎድ» ሲባል ግን ለወር እናወራዋለን። በከፊል ደግሞ በ1986 ከተሠራ አንድ ዝነኛ የኮምፒውተር ሙከራ። ዴቪድ ራመልሃርትና ጄምስ ማክሌላንድ ምንም ሕግ ያልተጻፈለት፣ ከምሳሌ ብቻ የሚማር የኮምፒውተር መረብ ሠርተው የእንግሊዝኛ ግሶችን አስተማሩት። መጀመሪያ 10 ግሶች ብቻ ሰጡት፤ ከነዚያ 8ቱ ኢ-መደበኛ ናቸው። ያንን ሲይዝ 410 ሌሎች በአንድ ጊዜ ጨመሩበት፤ አብዛኞቹ መደበኛ ነበሩ። መረቡ ወዲያው የያዛቸውን ኢ-መደበኛዎች መሳሳት ጀመረ፤ ቀስ በቀስም አገገመ። ኩርባው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ግን ጉድጓዱ የመጣው 410ሩ ግሶች እንደ ጎርፍ በገቡበት ቅጽበት ነው። ፒንከርና አለን ፕሪንስ በ1988 የነቀፉት ይህንኑ ነው፤ የልጅ ቃላት እንዲህ በአንድ ቀን አይገለበጡም። በ1991 ኪም ፕለንኬትና ቨርጂኒያ ማርችማን ያለ እንዲህ ዓይነት ጎርፍ የሚማር መረብ ሠርተው፣ ስህተቱ አሁን በዚህ ግስ፣ አሁን በዚያ ግስ ላይ ትንንሽ እየሆነ ብቅ እንደሚል አሳዩ። የልጆቹ መረጃ የሚመስለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

(እኔ እስካሁን «ሕግ» እያልኩ ነው የምጽፈው። መረቡን የሠሩት ሰዎች ግን በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ሕግ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የተደራረበ ልማድ ነው ይላሉ። ክርክሩ አላለቀም። እዚህ የምመልሳቸው ነገሮች ግን በየትኛውም ወገን ቢኬድ አይለወጡም።)

ለጸሐፊው ሁለት ነገር ማመን አለብኝ። አንደኛ፣ ሁሉም ልጅ አንድ አይደለም። ኤብ የሚባለው ልጅ በ1992ቱ የማርከስና የፒንከር ጥናት ውስጥ ወደ 24 በመቶ ገደማ ይሳሳት ነበር። ኤብን ያሳደገ ወላጅ «በሙሉ ይሳሳታል» ቢል አልፈርድበትም። ሁለተኛ፣ አማካይ ቁጥር ይደብቃል። ማይክል ማራትሶስ በ2000 አጥብቆ የተከራከረው በዚህ ነው፤ ልክ ነው። አንድ ልጅ 1,000 ኢ-መደበኛ ቃላት ተናገረ እንበል። 950ው እንደ «ዌንት» ያሉ ሁልጊዜ አፉ ላይ ያሉ ናቸው፤ ከነሱ 10 ብቻ ተሳሳተ። የቀሩት 50 አልፎ አልፎ የሚላቸው ናቸው፤ ከነሱ 20 ተሳሳተ። ጠቅላላው ስህተት 3 በመቶ ነው፤ ምንም አይመስልም። ለብርቅዬዎቹ ግሶች ግን 40 በመቶ ሆነ። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ልጆች የተቀረጹት በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ለተወሰነ ሰዓት ነው። አንድ ግስ ለሁለት ሳምንት ብቻ ክፉኛ ተበላሽቶ ቢያልፍ መቅረጫው ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ «2.5 በመቶ» የሚለውን ለእያንዳንዱ ግስ እንደሚሠራ አድርጎ መያዝም ስህተት ነው። ለአንድ ግስ ጥልቅ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። «ኢ-መደበኛ ግሶች በሙሉ» ለሚለው ግን ማስረጃ የለም።

ልብ በሉ፤ ይሄ የግስና የግስ ልዩነት ራሱ ስለ ምክንያቱ ይነግረናል። ወላጆች ደጋግመው የሚሏቸው ኢ-መደበኛ ቃላት ላይ ልጆች የሚሳሳቱት ጥቂት ነው። አልፎ አልፎ የሚሰሙት ላይ ይበዛል። በድምፅ የሚመሳሰሉ ዘመዶች ያሏቸው ግሶችም፣ እንደ «ሲንግ» እና «ሪንግ» ያሉት፣ እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። ይህ ሁሉ የትዝታ ባሕርይ ነው። ብዙ ጊዜ የሰማኸው ቶሎ ይመጣል፤ ጥቂት ጊዜ የሰማኸው ይዘገያል። ልጁ ቃሉን አጥቶ አይደለም፤ በሰዓቱ አልደረሰለትም። «ብሮክ»ንና «ብሬክድ»ን በአንድ ዘመን፣ አንዳንዴም በአንድ ጨዋታ ውስጥ የሚለው ለዚህ ነው። የረሳ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ቋንቋው ራሱም በረጅም ዘመን ያንኑ አድርጓል። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ኢ-መደበኛ የነበሩ 177 ግሶችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2007 እንዳሳዩት፣ ዛሬም ኢ-መደበኛ ሆነው የቀሩት 98ቱ ናቸው። የወደቁት በብዛት አዘውትረው የማይነገሩት ናቸው። «ሄልፕ» ድሮ ኃላፊ ጊዜው «ሆልፕ» ነበር። ዛሬ «ሄልፕድ» ነው፤ ማንም እንደ ስህተት አያየውም። የሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት የሚያደርገውን አንድ ሕዝብ በብዙ መቶ ዓመታት አደረገው።

የማረሙ ጉዳይ ቀረ። ኮርትኒ ካዝደን በ1972 ያሳተመችው፣ በመስኩ ያለ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው አንድ ጭውውት አለ። አንዲት ትንሽ ልጅ ስለ አስተማሪዋ ታወራለች። «አቀፈች» ለማለት የሚያስፈልጋት ቃል «ሄልድ» ነው፤ እሷ ግን «ሆልድድ» ትላለች።

— አስተማሪዬ ትንንሾቹን ጥንቸሎች ሆልድድ፤ እኛም ዳበስናቸው።
— አስተማሪሽ ጥንቸሎቹን ሄልድ ነው ያልሽው?
— አዎ።
— ምን አደረገች አልሽኝ?
— ትንንሾቹን ጥንቸሎች ሆልድድ፤ እኛም ዳበስናቸው።
— ጠበቅ አድርጋ ሄልድ ነው ያልሽው?
— አይ፣ ላላ አድርጋ ሆልድድ።

የመጨረሻዋን መልስ እዩልኝ። ልጅቷ ሰምታለች። ጥያቄውን በሚገባ ተረድታ፣ ጥብቅና ልል መሆኑን ለይታ አርማለች። «ሄልድ» ምን ማለት እንደሆነም ገብቷታል። ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ሦስቱንም መልሳለች። የግሱ ቅርጽ ግን ለእሷ የጨዋታው ጉዳይ አልነበረም። ጉዳዩ ጥንቸሎቹ ናቸው። በተሳሳተች ቁጥር ብናቆማት የምናቆመው ወሬዋን ነው፤ ቃሉ አይነካም።

ብራውንና ካሚል ሃንሎን በ1970 እንዳዩት ደግሞ፣ ወላጆች በተፈጥሯቸው የሚያርሙት ነገሩ እውነት መሆን አለመሆኑን እንጂ ሰዋስውን አይደለም። ሰዋስዋቸው ሳይታረም ያደጉት እነዚያ ልጆችም «ዌንት» እያሉ አድገዋል።

እዚህም ግን ጸሐፊውን ባዶ እጁን አልሸኘውም። ማቲው ሳክስተን በ1997 ባሳተመው ሙከራ በተፈጠሩ ኢ-መደበኛ ግሶች አምስት ዓመት አካባቢ የሆኑ ልጆችን ፈትኖ፣ ልጁ ስህተቱን እንዳለ ወዲያው ትክክለኛውን ቃል መስማቱ ዝም ብሎ ሌላ ጊዜ ከመስማቱ የበለጠ እንደጠቀመ አሳይቷል። ስለዚህ የአዋቂ ምላሽ ምንም አያደርግም ብል እዋሻለሁ። ልዩነቱ በአመላለሱ ነው። ልጁ «ወደ አያቴ ቤት ጎድ» ሲል «እንዴ! ዌንት? ከማን ጋር?» ብሎ ወሬውን መቀጠል አንድ ነገር ነው። ትክክለኛው ቃል ከስህተቱ ጎን ተሰማ፣ ወሬውም አልተቋረጠም። «አይደለም፤ ዌንት በል። እስቲ ድገም» ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ትዝታውን ያጠነክራል። ሁለተኛው ዛሬ ያስደግመዋል፤ ነገ ጠዋት ግን «ጎድ» ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ መድገም የብዙ ወራት መስማትን አይተካም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጽሑፉ ወላጅን ወደ ተሳሳተ ምልክት እንዲያይ ማድረጉ ነው። «ጎድ» የሚል ልጅ ሕጉን አውቋል። የቋንቋ ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያጠኑ ሰዎች በብዛት የሚያዩት ተቃራኒውን ነው። ሜቤል ራይስና ኬኔት ዌክስለር በ1996 እንዳሳዩት፣ ችግሩ ያለባቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች አምስት ዓመት ገደማ ሆነውም ምልክቱን በብዛት ይተዉታል፤ «ትናንት ጎ»፣ «ትናንት ዎክ» እያሉ ይቆያሉ፤ እኩዮቻቸው ያን ከተዉት በኋላ ማለት ነው። ባዶው ግስ ጆሮ አይጎረብጥም። ለዚህ ነው የሚያመልጠን።

ስለዚህ ልጅዎ «ጎድ» ብሎ ካስደነገጠዎት፣ ማረሙን ለጊዜው ይተዉትና አንድ ደብተር ያውጡ። ሦስት ረድፍ ያስምሩ፤ «ዌንት»፣ «ጎድ»፣ «ጎ»። ሌሎቹንም ኢ-መደበኛ ግሶች እንደዚያው። ለሁለት ሳምንት ልጁ ስላለፈ ነገር ሲያወራ የሰሙትን ሁሉ ምልክት ያድርጉ፤ ጆሮዎን የጎረበጠዎትን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ያድርጉት። መሐለኛው ረድፍ ላይ ጥቂት ጭረት መኖሩ አይቀርም። እሱን ይለፉትና ሦስተኛውን ይዩ። እያጠረ ከሄደ ልጁ መንገዱ ላይ ነው። አምስት ዓመት ሞልቶት ሦስተኛው ረድፍ አሁንም ከሁለቱ የሚረዝም ከሆነ፣ ያኔ ደብተሩን ይዘው የንግግር ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ።